የሥራ ታሪኬ የተቆራረጠ ነው፤ ሲቪዬን በየትኛው አቀራረብ ልጻፍ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ መልሶቹ በዋናነት በኢትዮጵያ ውስጥ ለሚያመለክት ሰው የተጻፉ ናቸው።

ሦስቱ የሲቪ አቀራረቦች በምን ይለያያሉ?

የመጀመሪያው በጊዜ ቅደም ተከተል የሚጻፈው፣ ክሮኖሎጂካል የሚባለው ነው። የመጨረሻው ሥራ ከላይ ይቀመጥና ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይወረዳል፤ በእያንዳንዱ ሥራ ሥር የሥራ መደቡ፣ ድርጅቱ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ወርና ዓመት፣ ከዚያም የተሠራው ሥራ ይጻፋል። ሁለተኛው ፈንክሽናል የሚባለው፣ በክህሎት የሚከፈለው ነው። በዚህኛው ርእስ የሚሆነው የሥራ ቦታው ሳይሆን ችሎታው ነው፦ «የሒሳብ ሥራ»፣ «የንብረት ቁጥጥር»፣ «የደንበኞች አገልግሎት» እየተባለ ከየሥራው የተለቀመው ይደረደራል። የተሠራባቸው ድርጅቶች ግርጌ ላይ በአጭሩ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ቀን ይጠቀሳሉ። ሦስተኛው ቅይጡ፣ ኮምቢኔሽን የሚባለው ነው፤ ከላይ አጭር የክህሎት ክፍል አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ቀኖቹ ያልጎደሉበት ሙሉ የሥራ ዝርዝር ይከተላል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁለቱም በክህሎት ስለሚጀምሩ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። መለያው ቀኖቹ ናቸው። ከክህሎቱ ክፍል በኋላ እያንዳንዱ ሥራ ከነወሩና ከነዓመቱ ከተጻፈ ቅይጥ ነው፤ ቀኖቹ ከጠፉ ወይም «ከ2007 እስከ 2016 በተለያዩ ድርጅቶች» ተብለው ከተጠቀለሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የክህሎት ሲቪ ነው።

ሲቪውን መጀመሪያ የሚያነበው ሰው ምን ይፈልግበታል?

ከአቀራረቡ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በባንክና በትልልቅ ድርጅቶች የመጀመሪያው ማጣሪያ በአብዛኛው የቆጠራ ሥራ ነው። ማስታወቂያው «በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪና 4 ዓመት ተዛማጅነት ያለው የሥራ ልምድ» ካለ፣ አጣሪው ፊት ለፊቱ ሰንጠረዥ ዘርግቶ ይቀመጣል፦ የአመልካች ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የተመረቀበት ዓመት፣ የሥራ ልምድ በዓመትና በወር፣ አስተያየት። ከእያንዳንዱ ፋይል የሚፈልገው ይህን ሰንጠረዥ የሚሞላለትን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ደግሞ ከሲቪው ብቻ አያምነውም፤ ከሥራ ልምድ ማስረጃው ጋር ያመሳክረዋል።

በክምር ፋይል መካከል የተቀመጠ አጣሪ ቀኖቹን ካላገኘ ራሱ ፈልጎ ለመደመር አይገደድም። «የሥራ ልምዱ አልተገለጸም» ብሎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ አመልካቹም መመዘኛውን እያሟላ ለፈተና ሳይጠራ ይቀራል። ቆጠራው ሦስት ተጨማሪ ወጥመዶች አሉት። ልምዱ ብዙውን ጊዜ ከምረቃ በኋላ የተገኘ መሆን አለበት፤ ተዛማጅ መሆን አለበት፤ ከግል ድርጅት የተገኘ ከሆነ ደግሞ በርካታ ማስታወቂያዎች የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ።

በአነስተኛ የግል ድርጅቶች ነገሩ ይለያል። ሲቪውን የሚያነበው ባለቤቱ ወይም የቅርብ ኃላፊው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ዓመት ከመቁጠር ይልቅ «ይህ ሰው ነገ መጥቶ ምን ይሠራልኛል?» የሚለውን ያያል። ስለዚህ ትክክለኛው አቀራረብ የሚወሰነው በእርስዎ የሥራ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ፋይሉ በማን እጅ እንደሚገባም ጭምር ነው።

ክፍተት ካለኝ በክህሎት የሚጀምረው አይሻለኝም?

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ይላል። እኔ አልስማማም። የክህሎት ሲቪ ክፍተትን ይሸፍናል መባሉን ሲቪ የሚያነቡ ሰዎችም ያውቃሉ፤ ቀን የሌለው ሲቪ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ደብቆ ነው?» የሚለውን ነው። አንድ ዓመት ተኩል ቤት የተቀመጠ ሰው፣ ቀኖቹን በመሰወሩ ብቻ አምስት ዓመት የተቀመጠ ሊመስል ይችላል።

ሌላው ጉዳት ችሎታው ከሥራ ቦታው መነጠሉ ነው። «የባንክ ሒሳብ የማስታረቅ ችሎታ» ብሎ መጻፍ ማንም ይችላል፤ አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው የት፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተሠራ ነው። አሥር ዓመት የሠራና ኮርስ ብቻ የወሰደ ሰው በክህሎት ሲቪ ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። እውነተኛ ልምድ ያለው ሰው ይህን መመሳሰል የሚፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ የክህሎት ሲቪ የሚጠቅምበት ጊዜ የለም?

አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ሲቪውን በእጅዎ ለሚያውቅዎት ወይም በሰው ተልከው ለሚያገኙት አሠሪ ሲሰጡ፣ ዓመት የሚቆጥር አጣሪ መካከል ላይ ከሌለ ይሠራል። ሥራው በናሙና ወይም በተግባር ፈተና የሚታይ ሲሆንም እንዲሁ፤ ለምሳሌ የልብስ ስፌት፣ የግራፊክስ ዲዛይን፣ የእንጨት ሥራ፣ የምግብ ዝግጅት። በእነዚህ ሙያዎች አሠሪው የሠሩትን አይቶ ወይም ለግማሽ ቀን አሠርቶ ይወስናል።

ያኔም ቢሆን የሥራ ቦታዎቹን ዝርዝር ከነዓመታቸው ግርጌ ላይ ቢያስቀምጡ ይመረጣል። ይህን ሲያደርጉ ደግሞ ሲቪው ወደ ቅይጥ ይጠጋል።

ክፍተቱ ምን ያህል ሲሆን ነው ማብራሪያ የሚያስፈልገው?

ሁለትና ሦስት ወር ማንም አይጠይቅም፤ ሥራ ለቅቆ ሌላ እስኪያገኙ የሚያልፍ ጊዜ ነው። ስድስት ወር ከሞላ አንባቢው ማየት ይጀምራል፤ ከዓመት በላይ ከሆነ በጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ መስመር ቢሰጠው ይሻላል። መስመሩ አጭር ይሁን፦ «የካቲት 2013 – ታኅሣሥ 2015፦ የቤተሰብ ኃላፊነት»። የሕመም ከሆነ «በጤና ምክንያት፤ አሁን ሙሉ በሙሉ ለሥራ ዝግጁ» ይበቃል፤ የሕመሙን ስም መጻፍ አያስፈልግም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ሥራው የቆመበት ወይም በኮቪድ ጊዜ ሆቴሉ የተዘጋበት ሰው ከአንድ ሐረግ በላይ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ አንባቢው ራሱ ያሳለፈው ጊዜ ነው።

ወሮቹን ትቶ ዓመት ብቻ የመጻፍ ዘዴም አለ። ከነሐሴ 2009 እስከ ጥቅምት 2010 የሠራ ሰው «2009–2010» ቢል ሦስት ወሩ ሁለት ዓመት ይመስላል። አጣሪዎች ይህን ዘዴ ስለሚያውቁት ወር ያልተጻፈበትን ልምድ በዝቅተኛው ግምት ይይዙታል ወይም ማስረጃውን ገልጠው ያያሉ። ወሩን መጻፍ ረጅም ለሠራውም ይጠቅመዋል፤ ከመስከረም 2009 እስከ ነሐሴ 2010 የሠራ ሰው በሲቪው ላይ ሁለት ሙሉ ዓመት አለው፣ ወሩን ከተወ ግን ከሦስት ወሩ ሰው አይለይም።

ቀኖቹን በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ?

ወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ክፍተቶች በብዛት የሚወለዱት እዚህ ነው። የአገር ውስጥ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭው ውልዎ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሆንና ሁለቱ ሳይቀየሩ አንድ ሲቪ ላይ ይገባሉ። ሰኔ 2010 የተለቀቀ ሥራና በሐምሌ 2018 የተጀመረ ሥራ ተከታትለው ከተጻፉ፣ በመካከላቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይባክን ስምንት ዓመት የተቀመጡ ያስመስላል።

ሲቪው በአማርኛ ከሆነ ሁሉንም በኢትዮጵያ፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁሉንም በአውሮፓ አቆጣጠር ያድርጉትና ከላይ በአንድ መስመር ይግለጹት። ለመቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባሉት ቀናት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ባሉት ላይ 8 ዓመት ይጨመራል። መስከረም 2012 በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 2019 ሲሆን፣ ጥር 2012 ግን ጃንዋሪ 2020 ነው። በደፈናው 8 የሚጨምር ሰው በመስከረም የጀመረውን ሥራ አንድ ዓመት ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በመንገድም ያልነበረ የዓመት ክፍተት ይፈጥራል።

ቅይጥ ሲቪ በተግባር ምን ይመስላል?

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አመልካቿ በሐምሌ 2006 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቃለች። በአንድ የንግድ ድርጅት በጀማሪ የሒሳብ ባለሙያነት ሠርታ፣ ዱባይ ሄዳ በሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ሆና፣ ተመልሳ ልጅ ስታሳድግ ቆይታ፣ በአንድ የልማት ፕሮጀክት በጊዜያዊ ውል ተቀጥራለች። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ በግሏ ትይዛለች። የምታመለክተው 4 ዓመት ልምድ ለሚጠይቅ የሒሳብ ባለሙያ መደብ ነው። በቅይጥ አቀራረብ ሲቪዋ ይህን ይመስላል፦

> ማጠቃለያ፦ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ (2006 ዓ.ም.)፤ ከምረቃ በኋላ 4 ዓመት ከ6 ወር በማስረጃ የተደገፈ የሒሳብ ሥራ ልምድ።
>
> ዋና ዋና ክህሎቶች
> የወር ሒሳብ መዝጋትና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ (በንግድ ድርጅቱና በፕሮጀክቱ)
> የደመወዝ ዝርዝር ማዘጋጀት፤ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ማስላት (በንግድ ድርጅቱ)
> የዕለት ሽያጭ ጥሬ ገንዘብ መረከብና ማስታረቅ (ዱባይ)
> ፒችትሪና ኤክሴል
>
> የሥራ ልምድ
> መስከረም 2016 – አሁን፦ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ በግል፣ ለሦስት አነስተኛ ነጋዴዎች
> ጥር 2015 – ነሐሴ 2015፦ የፋይናንስ ረዳት፣ የልማት ፕሮጀክት (ጊዜያዊ ውል)
> የካቲት 2013 – ታኅሣሥ 2015፦ የቤተሰብ ኃላፊነት
> ሐምሌ 2010 – ጥር 2013፦ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሱፐርማርኬት፣ ዱባይ
> መስከረም 2007 – ሰኔ 2010፦ ጀማሪ የሒሳብ ባለሙያ፣ የንግድ ድርጅት

በማጠቃለያው ያለው ቁጥር የመጣው ከሁለት ሥራዎች ብቻ ነው፦ የንግድ ድርጅቱ 3 ዓመት ከ10 ወር፣ ፕሮጀክቱ 8 ወር። የዱባዩ 2 ዓመት ከ7 ወር አልተደመረም፤ ገንዘብ ተቀባይነት ለሒሳብ ባለሙያ መደብ ተዛማጅ ነው አይደለም የሚለው በቀጣሪው ፈቃድ ላይ የሚወሰን ነው። የግል ሥራውም አልተደመረም፤ በደብዳቤ የሚያረጋግጥላት አሠሪ የላትም። ሁሉንም ደምራ «ከዘጠኝ ዓመት በላይ ልምድ» ብትል ኖሮ አጣሪው ማስረጃዎቹን ቆጥሮ ግማሹን ብቻ ሲያገኝ የቀረውንም ይጠራጠር ነበር። 4 ዓመት ከ6 ወር ግን መመዘኛውን ያሟላል፣ ሲመሳከርም ይጸናል። ይኸው ታሪክ በንጹህ የጊዜ ተከተል ቢጻፍ መጀመሪያ የሚታየው ደብዳቤ የሌለው የግል ሥራ ይሆናል፤ ጠንካራው ልምድ ከሁሉም በታች ይቀበራል። በክህሎት ሲቪ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ አይገኝም።

ክፍተት ባይኖረኝም ሥራ ቶሎ ቶሎ ቀይሬያለሁ፤ ይህስ በየትኛው ይጻፋል?

በጊዜ ተከተል፣ ግን በማሰባሰብ። የግንባታ መሐንዲሶች፣ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ አስተርጓሚዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞች በዓመት ሦስት ውል መፈራረማቸው የሥራው ጠባይ ነው። አሥራ ሁለት ውሎችን በአሥራ ሁለት ርእስ መደርደር ሰውየው የትም የማይረጋ ያስመስለዋል። በምትኩ «የመስክ መረጃ ሰብሳቢ፣ በውል፣ ጥቅምት 2012 – ግንቦት 2015» ብሎ አንድ ርእስ መስጠትና ከሥሩ ውሎቹን ከነድርጅታቸውና ከነወራቸው በአንድ አንድ መስመር መዘርዘር ነው። በርእሱ ላይ «በውል» የሚለው መግባት አለበት፤ አለዚያ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ያልተቋረጠ ቅጥር ይመስላል። በቆጠራው የሚያዘውም የየውሉ ወር ድምር እንጂ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ልዩነት አይደለም።

ቋሚ ቅጥር ሆነው በየስምንት ወሩ የተለቀቁ ሥራዎችን ግን አንድ ላይ ማሰር አይቻልም። እነዚህ እንዳሉ ተጽፈው፣ ድርጅቱ ተዘግቶ ወይም ፕሮጀክቱ አልቆ ከሆነ በቅንፍ መግለጽ ይበቃል።

ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የቆየሁበትን ዘመን ላስገባው ወይስ ልተወው?

ያስገቡት። ብዙ ተመላሾች አፍረው ይተዉትና በሲቪያቸው ላይ የአራትና የአምስት ዓመት ባዶ ቦታ ይከፍታሉ፤ ባዶው ቦታ ደግሞ ከሥራው ይልቅ ጥያቄ ያስነሳል። «መጋቢት 2008 – የካቲት 2012፦ የቤት ሠራተኛ፣ ቤይሩት» ተብሎ በጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ በቦታው ይቀመጥ። ምን ያህል ይብራራ የሚለውን የሚወስነው የሚያመለክቱበት ሥራ ነው። ለሆቴል ክፍል አገልግሎት፣ ለሕፃናት ማቆያ፣ ለአረጋውያን እንክብካቤ ወይም ለምግብ ቤት ከሆነ ዋናው ልምድዎ ይህ ስለሆነ በክህሎት ክፍሉም ይግባ፦ ስንት ሰው ላለበት ቤት ያበስሉ ነበር፣ ሕፃን ወይም ታማሚ ይንከባከቡ ነበር ወይ፣ ዓረብኛ ምን ያህል ይናገራሉ። ለቢሮ ሥራ ከሆነ ያው አንድ መስመር ብቻ ይሁን፤ ከላይ ያለው የክህሎት ክፍል ከመሄድዎ በፊት በነበረው ሙያ ላይ ያተኩር።

«የቤት አስተዳደር ሥራ አስኪያጅ» የመሰለ የተጋነነ ስም አይስጡት። ቃለ መጠይቅ ላይ በአንድ ጥያቄ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት ስለ ሥራዎ ሳይሆን ስለ ስሙ ይሆናል።

የሥራ ልምድ ማስረጃ የሌለውን ሥራ ሲቪ ላይ መጻፍ እችላለሁ?

ይችላሉ። ሲቪ የሠሩትን ይናገራል፤ ማስረጃው ከዚያ ውስጥ የትኛው እንደሚቆጠር ይወስናል። ማስረጃ የሌለውን በጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ ከነቀኑ ያስቀምጡት፣ በማጠቃለያው ድምር ውስጥ ግን አያስገቡት። ይህን ማድረግ የሚመቸው ቅይጡ ነው፤ በማስረጃ የተደገፈው ከላይ ይጎላል፣ ሌላው ከሥር ክፍተቱን ይሞላል።

ማስረጃውን ለማግኘት መሞከርም አይቅር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ውሉ ሲቋረጥ ወይም በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከድርጅቱ ጋር ተጣልቶ መውጣት ይህን መብት አይሰርዘውም። ድርጅቱ የፈረሰ ወይም ሰነዱ የጠፋ ከሆነ የቅጥር ውሉ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ሒሳብ መግለጫና የጡረታ መዋጮ መዝገብ በእጅ ቢኖሩ መልካም ነው። ቀጣሪው በእነዚህ ብቻ ዓመቱን ላይቆጥር ይችላል፣ መሥራትዎን ግን ያሳያሉ።

በኢንተርኔት ፎርም ሳመለክት ወይም ለውጭ አገር አሠሪ ሲቪዬን ስልክ አቀራረቡ ለውጥ ያመጣል?

ፎርሙ ራሱ በጊዜ ተከተል የተሠራ ነው፤ ድርጅት፣ መደብ፣ የተጀመረበት ቀን፣ ያበቃበት ቀን ብሎ ይጠይቃል፣ ቀኑ ካልተሞላም ብዙ ጊዜ አያሳልፍም። ያያያዙት ሲቪ የክህሎት ከሆነ ፎርሙና ሲቪው የተለያየ ሰው ይመስላሉ። ቅይጡ ከሆነ ግን የጊዜ ዝርዝሩን በቀጥታ ወደ ፎርሙ መገልበጥ ይቻላል።

በአሜሪካ ብዙ ትልልቅ አሠሪዎች ሲቪውን መጀመሪያ የሚያስነብቡት ለኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሥራን የሚያውቀው መደብ፣ ድርጅትና ቀን አጠገብ ለአጠገብ ሲያገኝ ነው፤ በክህሎት ርእስ ሥር የተበተነውን ልምድ የየትኛው ሥራ እንደሆነ ላይለይ ይችላል። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ለፌዴራል መንግሥት ሥራ ስታመለክቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ ወርና ዓመቱ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተሠራም ጭምር ይጠየቃል። ለዚህ የክህሎት ሲቪ ፈጽሞ አይሆንም።

ሁለት ወር ብቻ ቆይቼ የለቀቅሁትን ወይም የተሰናበትሁበትን ሥራ መተው ውሸት ነው?

ሲቪ የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ ለመደቡ የማይጠቅም አጭር ሥራ መተው የተለመደ ነው። ከመተውዎ በፊት ግን የሚከፍተውን ክፍተት ይለኩ። ሁለት ወር ሠርተው ከለቀቁና ከፊትና ከኋላው ያሉት ሥራዎች የሚቀራረቡ ከሆነ ማንም አያስተውለውም። ዓመት ተኩል የቆዩበትን፣ በመጨረሻ ስለተሰናበቱ ብቻ ቢሰርዙት ግን ዓመት ተኩል ቆጠራም ይጠፋል፣ ትልቅ ክፍተትም ይከፈታል። የስንብት ምክንያት በሲቪ ላይ አይጻፍም። ከተጠየቀ ቃለ መጠይቅ ላይ ይመለሳል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ፎርሙ «እስካሁን የሠሩባቸውን ድርጅቶች በሙሉ ይዘርዝሩ» ብሎ ካስፈረመዎት መምረጥ አይችሉም፤ ያኔ የሁለት ወሩም ይገባል።

ቀኖቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ብዘረጋቸው ማን ያውቃል?

ማስረጃው ያውቃል። የልምድ ደብዳቤው «ከመስከረም 2007 እስከ ሰኔ 2010» ካለ፣ ሲቪው ላይ «እስከ ታኅሣሥ 2011» መጻፉ ሁለቱ ጎን ለጎን በተቀመጡ ደቂቃ ይታያል። ደብዳቤው ቢለወጥ እንኳ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ ዐቅድ ስለታቀፉ የመዋጮው መዝገብ መቼ እንደተጀመረና መቼ እንደተቋረጠ ይናገራል። ሁለት የተዘረጉ ሥራዎች ሲደራረቡም ሰውየው በአንድ ወር ሁለት ቦታ የሙሉ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ይገኛል። በሐሰተኛ ማስረጃ የተቀጠረ ሰው ዓመታት ቆይቶም ቢሆን ሊሰናበት፣ በወንጀልም ሊከሰስ ይችላል።

አንዳንዴ ግን የሚሳሳተው ደብዳቤው ነው፦ ጸሐፊዋ «ሰኔ 2010»ን «ሰኔ 2009» ብላ ትጽፋለች፣ ወይም ደብዳቤው የመጨረሻውን መደብ ብቻ ጠቅሶ ከዚያ በፊት የሠሩበትን ይተዋል። በዚህ ጊዜ ሲቪውን ከደብዳቤው ጋር ለማስማማት ሲባል ልምድዎን አይቁረጡ። ወደ ድርጅቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ሄደው፣ የቅጥር ውልዎንና የዕድገት ደብዳቤዎን አሳይተው እርማት ይጠይቁ፤ የተስተካከለው ደብዳቤ አዲስ ቁጥርና ቀን ኖሮት፣ የቀድሞውን የሚተካ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይግባበት። የማመልከቻው ቀን ካጠረብዎት ሲቪው ላይ ትክክለኛውን ቀን ጽፈው ከደብዳቤው ጋር የቅጥር ውሉን ኮፒ ያያይዙ።